ቆሞ የሚቀር ሞገድ፦ ጄት ስትሪም ለምን ይጠማዘዛል?

በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ታቴኖ በሚባል ስፍራ አንድ የአየር ምርምር ጣቢያ ነበር። ኃላፊው ዋሳቡሮ ኦይሺ ትናንሽ ፊኛዎችን እየለቀቁ ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ በቴዎዶላይት ይከታተሏቸው ነበር። ፊኛው ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ በየደቂቃው የሚነበበው ማዕዘን በየከፍታው ያለውን ነፋስ ያሳያል። በብርድ ወራት የለቀቋቸው ፊኛዎች ያሳዩት ነገር እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ከመሬት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነፋስ ተገኘ። ኦይሺ ውጤቱን በ1926 አሳተሙ። የውጭ አገር ባለሙያዎችም እንዲያነቡት ብለው የጻፉት በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበር፤ ከጃፓን ውጭ ግን ያነበበው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ነፋስ በሰፊው ያወቀው በጦርነት ነው። ኅዳር (ኖቬምበር) 24 ቀን 1944 ከማሪያና ደሴቶች የተነሱ 111 የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች በ9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ ቶኪዮ በረሩ። ነፋሱ ከኋላ እየገፋ በሰዓት ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ስላደረሳቸው አልመው መጣል አቃታቸው። የታሰበውን ፋብሪካ የደበደቡት 24 ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር ጃፓን የኦይሺን ነፋስ ለራሷ ጥቃት መጠቀም ጀመረች። ከወረቀት የተሠሩ፣ በሃይድሮጂን የተሞሉ፣ ስፋታቸው 10 ሜትር የሆነ ወደ 9,000 ፊኛዎች ቦምብ አንጠልጥለው ፓሲፊክን እንዲሻገሩ ተለቀቁ። ፊኛው ሌሊት ቀዝቅዞ ከነፋሱ በታች ሲወርድ የከፍታ መለኪያው የአሸዋ ከረጢት ይጥልና መልሶ ወደ ላይ ያነሳዋል። በግንቦት (ሜይ) 1945 በኦሪገን ጫካ ወድቆ የነበረ አንዱ ፈንድቶ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትንና አምስት ልጆችን ገደለ።

ነፋሱ ለምን እንዳለ ማስረዳት ያን ያህል አይከብድም። ሞቃት አየር ይለጠጣል፤ ስለዚህ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግፊቱ የሚቀንሰው ከቀዝቃዛው አየር ቀስ ብሎ ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ግፊት ብንለካ በምድር ወገብ በኩል ያለው በዋልታው በኩል ካለው ይበልጣል። አየሩ ወደ ዋልታው ሊሄድ ይነሳል፤ ግን ምድር ስለምትሽከረከር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኙ ይታጠፍና በመጨረሻ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሙቀቱና ቅዝቃዜው በጠባብ ስፍራ በሚገናኙበት ቦታ ነፋሱ ይጠነክራል፤ ጄት ስትሪም የምንለው ያንን ጠባብ ቀበቶ ነው። በብርድ ወራት የሚበረታውም ዋልታው ሲጨልምና ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ለምን ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ነው። ቀበቶው ምድርን ሲዞር አንዴ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንዴ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መልሱን በ1939 ያቀረቡት ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ሮዝቢ ናቸው፤ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ሮዝቢ ያዩት ነገር የሚከተለው ነው። ማንኛውም አየር ሁለት ዓይነት ሽክርክሪት ይዟል፤ አንዱ ከምድር የሚያገኘው፣ ሌላው የራሱ ነው። ከምድር የሚያገኘው በምድር ወገብ ላይ ምንም ሲሆን ወደ ዋልታው በተጠጋ ቁጥር ያድጋል። የሁለቱ ድምር ግን እንዳለ መቆየት አለበት። እንግዲህ አንድ የአየር ክፍል በሆነ ምክንያት ወደ ሰሜን ቢገፋ የምድር ድርሻው ይጨምራል፤ ይህን ለማካካስ የራሱ ሽክርክሪት ወደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ስለዚህም ወደ ቀኝ እየታጠፈ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በመነሻው መስመር ላይ ሲደርስ ግን አይቆምም፣ አልፎ ይሄዳል። አሁን ደግሞ የምድር ድርሻው ስለቀነሰ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ሰሜን ይወጣል። መጠማዘዙ ከዚህ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጡት በዋናነት ተራሮችና በየብስና በባሕር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ናቸው። የሮኪ ተራሮችና የቲቤት አምባ በነፋሱ መንገድ ላይ ስለተገተሩ ሞገዶቹ በየዓመቱ በሚመሳሰሉ ስፍራዎች ይነሳሉ።

ሮዝቢ ከዚህም አልፈው ሞገዱ ራሱ የሚጓዝበትን ፍጥነት አሰሉ፤ እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ ግኝታቸው ይህ ነው። ሞገዱ በአየሩ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ ይሄዳል፤ በረዘመ ቁጥርም ወደ ኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ይጨምራል። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ የሚዋኝ ሰው የወንዙን ፍጥነት ያህል ከዋኘ ከዳር ለሚያየው ከአንድ ዛፍ ፊት ለፊት ቆሞ ይቀራል፤ ሞገዱም እንዲሁ ነው። በቁጥር እንየው። በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነፋሱ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል እንበል። ርዝመቱ 3,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ሞገድ ወደ ኋላ የሚሄደው በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 59 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይወሰዳል፣ የሚያመጣው ዝናብም በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ርዝመቱ 7,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ወደ ኋላ የሚሄደው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ወደ ፊት የሚወስደውና እሱ ወደ ኋላ የሚሄደው እኩል ይሆናሉ፤ ሞገዱም ባለበት ይቆማል። በዚያ ኬክሮስ የምድር ዙሪያ 28,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ እንዲህ ያሉ አራት ሞገዶች ምድርን ይከብባሉ።

አየሩ በሞገዱ ውስጥ እየነፈሰ ያልፋል፤ የቆመው ቅርጹ ነው። በሥሩ ያለው አገር ለሳምንታት በአንድ ዓይነት አየር ሥር የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናብና አውሎ ነፋስም በዚህ ቅርጽ ይመራሉ። ሞገዱ ወደ ደቡብ ከሚሰረጉድበት ቦታ በስተ ምሥራቅ፣ የላይኛው አየር እየተበታተነ ይሄዳል። የሄደውን ለመተካት ከታች ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የመሬቱ ግፊት ይወርዳል፣ ደመና ይሠራል፣ አውሎ ነፋስ ይወለዳል። የተወለደው አውሎ ነፋስ ደግሞ ከበላዩ ያለውን ነፋስ ተከትሎ ይጓዛል። ሞገዱ ወደ ሰሜን ካበጠበት ጉብታ በስተ ምሥራቅ ግን አየሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ ይታመቃል፣ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ ደመናው ይተናል።

በ2010 የሆነውን በዚህ መነጽር እንመልከት። በሰኔ (ጁን) መጨረሻ በምዕራብ ሩሲያ ላይ ትልቅ ጉብታ ተነሳና እስከ ነሐሴ (ኦገስት) አጋማሽ ከዚያ አልተነቃነቀም። ከአትላንቲክ የሚመጡት ዝናብ አዘል አውሎ ነፋሶች በሰሜን በኩል እየዞሩ አለፉት። ሰማዩ ጠራ፤ አፈሩ ደረቀ። አፈር እርጥበት ሲኖረው የፀሐይ ሙቀት ብዙውን ውሃውን በማትነን ያልቃል፤ አፈሩ ሲደርቅ ግን ያ ሁሉ አየሩን ወደ ማሞቅ ይዞራል። ስለዚህ ሙቀቱ በየሳምንቱ ራሱን እያሳደገ ሄደ። ሐምሌ (ጁላይ) 29 ቀን ሞስኮ 38.2 ዲግሪ ደረሰ፤ ከ1920 ጀምሮ የቆየው ክብረ ወሰን 36.8 ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ቀድሞ ውሃቸው ተቦይ ተቆፍሮላቸው የፈሰሰ ረግረጎች ነበሩ፤ ለዘመናት የተከማቸው የዕፅዋት ብስባሽ በእሳት ተያይዞ ከተማዋን በጭስ አፈናት። በመላ አገሪቱ የሞተው ሰው ወደ 55,000 ይገመታል። ሩሲያ ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ ስንዴ ገዝተው የሚበሉ አገሮችም የዋጋው ጫና ደረሰባቸው።

የዚህ ታሪክ ሌላው ግማሽ ያለው ፓኪስታን ውስጥ ነው። ከጉብታው በስተ ምሥራቅ ነፋሱ ወደ ደቡብ ተቆልምሞ ቀዝቃዛ አየርን እስከ ፓኪስታን ሰሜናዊ ተራሮች አወረደ። እዚያ ከሞንሱን እርጥብ አየር ጋር ተገናኘ። ሞስኮ ክብረ ወሰኗን በሰበረችበት በዚያው ሳምንት በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን የወረደው ዝናብ የኢንደስን ወንዝ አስቆጣ። ወደ 2,000 ሰዎች ሞቱ፣ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብም ጉዳት ደረሰበት። በዜና እንደ ሁለት አደጋ ተነገሩ፤ አንድ ሞገድ ግን አገናኝቷቸዋል።

ብርድም በዚሁ መንገድ ይመጣል። በየካቲት (ፌብሩዋሪ) 2021 በአላስካ በኩል ጉብታ ሲቆም፣ ከእሱ በስተ ምሥራቅ የዋልታው አየር በሜዳው ላይ እየፈሰሰ ቴክሳስ ድረስ ወረደ። ዳላስ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ወረደች፤ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም መብራት ጠፍቶ፣ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ያሳለፉትን ቀናት ያስታውሱታል።

ወደ እኛም ይደርሳል። የምዕራቡ ነፋስ ሞገድ ከወትሮው በላይ ወደ ደቡብ ሲሰረጉድ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር የሚመጣውን እርጥብ አየር ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የበልግ ዝናብ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ስርጉዱ ባልመጣባቸው ሳምንታት ሰማዩ ይጠራል፤ በወሎና በሸዋ በልግ የሚዘራ ገበሬም ዘሩን ይዞ ይጠብቃል።

ሞገድ መቆሙ እንዴት ይታወቃል? ዴንማርካዊው ኧርነስት ሆቭሞለር በ1949 ያወጡት ሥዕል እስከ ዛሬ ያገለግላል። አግድም ኬንትሮስ፣ ቁልቁል ቀን ይቀመጥና የእያንዳንዱ ቀን የላይኛው ግፊት በቀለም ይሞላል። ሞገዱ እየተጓዘ ከሆነ ቀለሙ በሰያፍ ይወርዳል፤ ከቆመ ግን ቀጥ ያለ ቋሚ ሰንበር ይሆናል። ይህ ግን የሆነውን ያሳያል እንጂ የሚሆነውን አይናገርም። የትንበያ ሞዴሎች አንድ ጉብታ አንዴ ከተተከለ በኋላ ያለውን ቀን በደህና ይይዛሉ፤ የሚተከልበትንና የሚፈርስበትን ቀን ግን ከአንድ ሳምንት ቀድመው ለማወቅ ይቸገራሉ።

ጉብታዎቹ እየበዙ ነው ወይ የሚለው ደግሞ እስካሁን ያከራክራል። በ2012 ጄኒፈር ፍራንሲስና ስቲቨን ቫቭረስ አርክቲክ ከሌላው ዓለም ፈጥኖ ስለሚሞቅ የሙቀቱ ልዩነት ይጠብባል፣ ነፋሱ ይዳከማል፣ ሞገዱም ይበልጥ እየተጠማዘዘ ይዘገያል ብለው ጻፉ። ሐሳቡ ደጋፊ ብዙ አገኘ፤ ተቃዋሚም አላጣም። በከፍታው ላይ በምድር ወገብ በኩል ያለው አየርም እየሞቀ ነው፤ ያ ደግሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል፤ ሁለቱ በተቃራኒ ይጎትታሉ። ሞገዱ ከዓመት ዓመት በራሱ ብዙ ስለሚለዋወጥ በጥቂት አስርት ዓመታት መረጃ መፍረድ እንደሚያስቸግር ተቃዋሚዎቹ ያነሳሉ፤ እኔም በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። የማያከራክረው ሌላ ነው። ድሮ እንደነበረው ያለ ጉብታ ዛሬ ቢቆም፣ ከሥሩ የሚጠብቀው መሬትም አየርም ያኔ ከነበረው የሞቀ ነው፤ ስለዚህ ሞገዱ ምንም ሳይለወጥ ቴርሞሜትሩ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።