ጨረቃ ፈጠነች ወይስ ሰዓታችን ዘገየ?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኛ ባሕር ዳር ያለነው ደግሞ አብዛኛው ፊቷ ተሸፍኖ ነው ያየናት። ያኔ አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ የግርዶሽን ሰዓት እንዴት አድርገው ነው ቀድመው የሚያውቁት?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። መልሱ ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ ከታሪኩ አንዱን ቁራጭ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1695 ኤድመንድ ሃሌይ የጥንት ሰዎች የመዘገቧቸውን ግርዶሾች በዘመኑ ከታዩት ጋር አስተያየና አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘ፦ ጨረቃ ከድሮው እየፈጠነች የሄደች ትመስላለች። በ1787 ላፕላስ «የመሬት ምሕዋር ቅርፅ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ ነው» አለ፤ ቁጥሩም ገጠመ ተባለ። በ1853 ግን አዳምስ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ የላፕላስ ምክንያት የሚሸፍነው ግማሽ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳየ። ይህ ብዙ ሙግት አስነሳ። ቀሪው ግማሽ ከየት መጣ? በ1865 ደሎኔ የተባለው ፈረንሳዊ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ችግሩ ያለው ሰዓታችን ላይ ነው። ሰዓታችን ማለት ደግሞ መሬት ናት። እሷ በዛቢያዋ መሽከርከሯን እየቀነሰች ነው።

ይህን ለመመርመር አንጉላር ሞመንተምን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ጣና ላይ አንድ ታንኳ እየዞረች ወደ ፊት ስትሄድ አስቡ። እናንተ ዳር ላይ ቆማችኋል። ታንኳዋ በራሷ መሃል ዙሪያ መዞሯ አንደኛው ክፍል ነው፤ የእሽክርክሪት ክፍል እንበለው። ይህ እናንተ የትም ብትቆሙ አይለወጥም። ሁለተኛው ታንኳዋ በሙሉ ከእናንተ አንጻር በመጓዟ የሚመጣው የጉዞ ክፍል ነው። መጠኑ ክብደቷ በፍጥነቷ፣ ከዚያም ከእናንተ እስከ መሄጃ መስመሯ ባለው ቀጥተኛ ርቀት ሲባዛ ነው። እንግዲህ መስመሯ ላይ ብትቆሙ ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ ይህ ክፍል ይጠፋል። መነሻ ነጥብ መምረጥ ማለት ይኸው ነው።

ወደ መሬትና ጨረቃ እንመለስ። መነሻውን ፀሐይ ላይ ብናደርግ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ፀሐይን በመዞራቸው የሚያመጡት ቁጥር ከምንፈልገው ወደ ሚሊዮን እጥፍ ይጠጋል፤ ትንሿ ለውጥ እዚያ ውስጥ ትሰምጣለች። ስለዚህ የሁለቱን የጋራ የመጠነ ቁስ ማዕከል እንመርጣለን። በነገራችን ላይ ይህች ነጥብ ያለችው መሬት ውስጥ ነው፤ ከመሬት መሃል ወደ 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ። አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ መነሻ ነጥቡ ራሱ እየተፋጠነ ከሆነ በጥቅሉ የቶርክ ቀመር ላይ ተጨማሪ ነገር ይገባል። የመጠነ ቁስ ማዕከል ግን ብትፋጠንም ከዚህ ነፃ ናት። እዚህ የመረጥናትም ለዚህ ነው።

ከዚህች ነጥብ ሲታይ ሁለት ነገር ብቻ ይቀራል፦ የመሬት እሽክርክሪትና የሁለቱ የምሕዋር ዙረት። የጨረቃ የራሷ እሽክርክሪት ከቁጥር የማይገባ ነው። የምሕዋሩ ክፍል ከመሬት እሽክርክሪት 5 እጥፍ ያህል ነው። ድምሩ ስለማይለወጥ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል። አስተላላፊው የውቅያኖስ ሙላትና ጉድለት ነው። ጣና ላይ ይህ ለዓይን አይታይም፤ የእኛ ሐይቅ ከፍና ዝቅ የሚለው በክረምትና በበጋ ነው።

በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ መስታወት ትቶ መጣ። ወደሱ በሚላክ የሌዘር ጨረር ጨረቃ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር እንደምትርቅ ተለካ። ርቀቷ 384,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይህ ከ10 ቢሊዮን 1 እጅ ነው። የምሕዋሩ አንጉላር ሞመንተም ከርቀቱ ካሬ ሩት ጋር ስለሚያድግ የሚጨምረው ከ10 ቢሊዮን ግማሽ እጅ ነው። የመሬት እሽክርክሪት ደግሞ 5 ጊዜ ስለሚያንስ ያንኑ መጠን ሲያጣ ከ10 ቢሊዮን 2.5 እጅ ይቀንሳል። ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነው፤ አባዙት፣ ለ100 ዓመትም አስቡት። ቀናችን በአንድ ምዕተ ዓመት 2 ሚሊሰከንድ ያህል ይረዝማል።

ከጥንት ግርዶሾች የተገኘው ቁጥር 1.8 አካባቢ ነው። በትክክል ያልገጠመው የተውነው ነገር ስላለ ነው፦ ፀሐይም ባሕሩን እየሳበች መሬትን ታዘገያለች፤ የድሮ በረዶ ከቀለጠ ወዲህ ደግሞ የመሬት ቅርፅ እየተስተካከለ ትንሽ ያፈጥናታል።

አሁን የሃሌይ እንቆቅልሽ ይፈታል። ጨረቃ ስትርቅ በኬፕለር ሕግ ዙረቷ በዓመት ከ10 ቢሊዮን 1.5 እጅ ይዘገያል። እውነቱን ለመናገር ጨረቃም እየዘገየች ነው! መሬት ግን 2.5 ትዘገያለች። ከእናንተ በባሰ በሚዘገይ ሰዓት የሚለካ ዘገምተኛ ሯጭ ሪከርድ የሰበረ ይመስላል። ሃሌይ ካየው ውስጥ ላፕላስ ያልሸፈነው ግማሽ ያህሉ ይህ ነው።