የጋዜጣዊ መግለጫን ዋና ጉዳይ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ የማምጣት አሠራር

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚወጣ መግለጫ ዋናውን ጉዳይ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው አንቀጽ ይዞ ሲገኝ፣ የአርታኢው የመጀመሪያ ተግባር ጽሑፉን ማሳጠር አይደለም። በቅድሚያ መላውን መግለጫ አንብቦ፣ ለአንባቢው አዲስ የሆነውንና በዕለት ኑሮው ላይ ለውጥ የሚያመጣውን አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰምርበታል።

ለአብነት ያህል የአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሚከተለውን መግለጫ አዘጋጀ እንበል። የመጀመሪያው አንቀጽ ሥራ አስኪያጁ ከባለድርሻ አካላት ጋር በተካሄደ የምክክር መድረክ ላይ ንግግር ማድረጋቸውን ይገልጻል። ሁለተኛው ለተሳታፊዎች ምስጋና ያቀርባል፤ ሦስተኛው ያለፈውን ዓመት ክንውን ይዘረዝራል። አራተኛው አንቀጽ ደግሞ «ከላይ በተጠቀሰው ዕቅድ መሠረት ያረጀውን ዋና የውኃ መስመር ለመተካት በሚከናወነው ሥራ ምክንያት ከማክሰኞ ጥቅምት 8 እስከ ሐሙስ ጥቅምት 10 በቀበሌ 03፣ 04 እና 07 አገልግሎት የሚቋረጥ መሆኑ ታውቆ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን» ይላል። ዜናው ይኸው ነው።

ይህን አንቀጽ እንዳለ ወደ ላይ ማውጣት ግን አይበቃም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ ምክንያቱና መነሻው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲታጨቅ ዜናው በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥም ተመልሶ ይቀበራል። ስለዚህ አርታኢው ምክንያቱን ነጥሎ ያወጣና እንዲህ ይጽፋል፦

«በቀበሌ 03፣ 04 እና 07 ከማክሰኞ ጥቅምት 8 እስከ ሐሙስ ጥቅምት 10 የመጠጥ ውኃ እንደሚቋረጥ የከተማው የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አስታወቀ።»

የመስመሩ መተካት በሁለተኛው አንቀጽ ይገባል። የምክክር መድረኩ ከቀረ በመጨረሻው ይጠቀሳል፤ ምስጋናው በደብዳቤ ቢላክ ይሻላል።

አንቀጾች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠር ስህተትም አለ። «ከላይ የተጠቀሰው»፣ «ይኸው ዕቅድ» የሚሉት አነጋገሮች የሚያመለክቱት ነገር ወደ ታች ስለወረደ ትርጉም ያጣሉ። የኃላፊው ሙሉ ስምና ማዕረግም አሁን በቅድሚያ ወደሚጠቀሱበት አንቀጽ መዛወር አለበት።

አርታኢው ያልተጻፈውን ከራሱ መጨመር አይችልም። ከላይ በቀረበው ምሳሌ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚቋረጥና ነዋሪው በእነዚያ ቀናት ከየት እንደሚቀዳ አልተነገረም። ዋናው ጉዳይ ተቀብሮ ሳለ ጉድለቱ አይታይም ነበር፤ ወደ ፊት ሲመጣ ግን ወዲያው ይጋለጣል። መልሱ መግለጫውን ከፈረሙት ኃላፊ በስልክ ይጠየቃል። በዚያው አጋጣሚ መቋረጡ የተወሰነ ወይም የሚጠበቅ ብቻ መሆኑ ይረጋገጣል፤ «ሊቋረጥ ይችላል» የሚለው «ይቋረጣል» ተብሎ ከወጣ መሥሪያ ቤቱ ማስተባበያ ለመስጠት ይገደዳልና።

በመጨረሻ የሚታየው ርዕሱ ነው። አንቀጹ ተስተካክሎ ሳለ «የምክክር መድረክ ተካሄደ» የሚለው ርዕስ ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።