የኪራይ ቀን

የኪራይ ቀን በመኪና ኪራይ ውል አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ከተወሰደበት ሰዓት ጀምሮ የሚቆጠር የ24 ሰዓት ጊዜ ነው። ከሆቴል አዳር የሚለየውም በዚህ ነው። ሰኞ ገብቶ ሐሙስ የሚወጣ እንግዳ ከሰዓት በኋላም ሆነ ማታ ቢገባ የሚከፍለው የ3 አዳር ነው። የመውጫው ሰዓትም ለሁሉም እንግዳ አንድ ነው።

ለምሳሌ አንድ መኪና በቀን 3000 ብር ሰኞ ጠዋት በ4 ሰዓት ተከራየ እንበል። ሐሙስ ጠዋት በ4 ሰዓት 3 ቀን ይሞላዋል፤ ኪራዩም 9000 ብር ይሆናል። ቀን በ6 ሰዓት ተኩል ቢመለስ ግን በጠቅላላው 74 ሰዓት ተኩል ቆይቷል። ይህ ለ24 ሲካፈል 3 ደርሶ 2 ሰዓት ተኩል ይተርፋል። ትራፊው እንደ ሙሉ ቀን ከተቆጠረ ክፍያው 12000 ብር ይደርሳል። አንዳንድ ውሎች ግን የመጀመሪያዎቹን ትርፍ ሰዓታት በሰዓት ያስከፍላሉ።

ብዙ አከራዮች አጭር የእፎይታ ጊዜ ይሰጣሉ፤ 29 ወይም 59 ደቂቃ የተለመደ ነው። እፎይታው ካለፈ መዘግየቱ የሚቆጠረው እፎይታው ካበቃበት ሳይሆን ከውሉ ሰዓት ጀምሮ ነው።

በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነትም ስሕተት ያመጣል። በውጭ አቆጣጠር 10:00 ተብሎ የተጻፈው የመመለሻ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት መስሎት የጠበቀ ተከራይ 6 ሰዓት ስለሚዘገይ የአንድ ቀን ኪራይ ሊጨመርበት ይችላል።