የአኃዝ፣ የገንዘብ መጠንና የቀን አጻጻፍ በገንዘብ ነክ ደብዳቤ

የአኃዝ፣ የገንዘብ መጠንና የቀን አጻጻፍ የሚባለው በብድር ማስታወቂያ፣ በክፍያ ትእዛዝና በመሳሰሉት ደብዳቤዎች የሚሰፍረው መጠንና የመክፈያ ጊዜ፣ ለላኪውም ለተቀባዩም አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው የሚያደርግ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ አስፈላጊነት በተለይ የሚታየው ደብዳቤው ከአንድ አገር ልማድ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። አዲስ አበባ የሚገኝ ድርጅት በውጭ አገር ላለ ደንበኛው «ቀሪው 12.500 ዶላር እስከ 05/06/17 ይከፈላል» ብሎ ቢጽፍ፣ መጠኑም፣ የገንዘቡ ዓይነትም፣ ቀኑም እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ትርጉም ይይዛሉ።

በኢትዮጵያና በአሜሪካ ሺዎች በነጠላ ሰረዝ፣ ሳንቲም ደግሞ በነጥብ ስለሚለዩ 12.500 የሚለው አሥራ ሁለት ተኩል ሆኖ ይነበባል፤ በጀርመንና በጣሊያን ግን የሁለቱ ምልክቶች ተግባር ተገላቢጦሽ በመሆኑ ያው አኃዝ አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው። መፍትሔው ሳንቲም ባይኖርም ሁለቱን የሳንቲም ቤቶች ሞልቶ 12,500.00 ብሎ መጻፍ ሲሆን፣ ሁለት አኃዝ የተከተለው ምልክት ሳንቲም ለያይ፣ ሦስት አኃዝ የተከተለው ደግሞ ሺህ ለያይ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ሺዎችን በባዶ ቦታ መለየት የተለመደ ቢሆንም፣ ክፍተቱ ሌላ አኃዝ ለማስገባት ስለሚያመች ለክፍያ ደብዳቤ አይመከርም። «ዶላር» የሚለው ቃል ብቻውን የአሜሪካን ከካናዳና ከአውስትራሊያ ስለማይለይ፣ ISO 4217 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተመደበውን ባለ ሦስት ፊደል መለያ፣ ማለትም USD፣ CAD ወይም ለብር ETB፣ ከመጠኑ ፊት ማስቀደም ያስፈልጋል።

መጠኑን በአኃዝና በፊደል ደግሞ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና ለሐዋላ ወረቀት በ1930፣ ለቼክ ደግሞ በ1931 (እ.ኤ.አ.) የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች የወሰኑ ሲሆን፣ በፊደል የተጻፈው ይጸናል፤ መጠኑ በፊደል ብቻ ወይም በአኃዝ ብቻ ተደጋግሞ ከተለያየ ደግሞ አነስተኛው ይወሰዳል። ይህ ደንብ የወጣው ለተላላፊ ሰነዶች እንጂ ለተራ ደብዳቤ ስላልሆነ፣ ጸሐፊው በደንቡ ላይ ከመተማመን ይልቅ ሁለቱን አጻጻፎች ማመሳከር ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀኑ ነው። 05/06/17 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ከወሩ ቀድሞ ከተነበበ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ላይ ይውላል፤ ወሩ ቀድሞ ከተነበበ ግን ጥር 6፣ ማለትም ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ይሆናል። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ደግሞ አውሮፓዊው ጁን 5፣ አሜሪካዊው ሜይ 6 ቀን 2017 ብለው ያነቡታል። ከደብዳቤው ይዘት በመነሳት ትክክለኛውን መገመት ይቻላል ቢባልም፣ የደብዳቤው የራሱ ቀን በዚያው መንገድ ከተጻፈ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚያገላብጥ ኦዲተር የሚደገፍበት ነገር አያገኝም። ከ12 የሚበልጥ አኃዝ ቀን እንጂ ወር ሊሆን አይችልም የሚለው የተለመደ ማጣሪያም ጳጉሜን 13ኛ ወር በሆነችበት የኢትዮጵያ አቆጣጠር አይሠራም፤ 03/13/2016 ለአሜሪካዊ ማርች 13 ቀን 2016፣ ለኢትዮጵያዊ ግን ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ ይህም ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ማለት ነው።

የወሩን ስም በፊደል መጻፍ አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በአማርኛ ጽሑፍ ጎርጎርዮሳዊውን ፌብሩዋሪ «የካቲት» ብሎ መጥራት የተለመደ በመሆኑ፣ «እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2025» የሚለው ፌብሩዋሪ 12 ወይስ የካቲት 12 ከዋለበት ፌብሩዋሪ 19 የሚለውን ጥያቄ ያስነሳል፤ የሰባት ቀን ልዩነት ደግሞ በመዘግየት ቅጣት ላይ ትርጉም አለው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ የወር ስም ከዓ.ም. ጋር፣ ፌብሩዋሪና መሰሎቹ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ጋር ብቻ እንዲሄዱ ማድረግ ይመረጣል።

በዚህ መሠረት የተስተካከለው ዓረፍተ ነገር «ቀሪው USD 12,500.00 /አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ የአሜሪካ ዶላር ከ00/100 ብቻ/ እስከ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025) ድረስ፣ የመጨረሻውን ቀን ጨምሮ ይከፈላል» የሚል ይሆናል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ማስፈር የራሱ አደጋ አለው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ከመስከረም 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ማዛመጃው በአንድ ቀን ስለሚገፋ፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ፌብሩዋሪ 12 ሳይሆን ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 ነበር። ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ቀኑን መገልበጥ ይህን ስሕተት በቀላሉ ስለሚያመጣ፣ ሁለት አቆጣጠር የያዘ ደብዳቤ ቀኖቹ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና በአንድ ሐረግ ሊገልጽ ይገባዋል።