አነስተኛ ምስልን ለትልቅ ኅትመት ማጉላት

አነስተኛ ምስልን ለትልቅ ኅትመት ማጉላት፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ያለ ነገር ከሌላ ትንሽ ፎቶ በተወሰደ ነገር ሲተካ፣ ተተኪው በኅትመቱ ላይ ደብዝዞ እንዳይታይ የፒክስል መጠኑን የመወሰንና የማሳደግ ሥራ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ገበያ ነው። አንድ የሐበሻ ቀሚስ መደብር 3 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ባነር አለው እንበል። በባነሩ ፎቶ ላይ ያለው ቀሚስ ተሽጦ ስላለቀ፣ በስልክ በተላከ ትንሽ ፎቶ ላይ ባለ አዲስ ቀሚስ ሊተካ ነው። ገዢ ቀሚሱን የሚመርጠው በጥለቱ ስለሆነ ጥለቱ መደብዘዝ የለበትም።

የሚያስፈልገው ጥራት

የኅትመት ጥራት የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ በሚያርፉ ፒክስሎች ብዛት ነው። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን 72 ወደ 300 መቀየር ብቻውን አንድም ፒክስል አይጨምርም። ወሳኙ ነገር ያሉት ፒክስሎች በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚዘረጉ ነው።

ምን ያህል እንደሚበቃ የሚወስነው ተመልካቹ የሚቆምበት ርቀት ነው። ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚችለውን ያህል ጥራት ለማግኘት 8,700ን በሴንቲ ሜትር በተለካው ርቀት ማካፈል በቂ ነው። በእጅ ተይዞ በ30 ሴ.ሜ ለሚታይ ወረቀት ውጤቱ 290 ገደማ ሲሆን፣ በ2 ሜትር ርቀት ለሚታይ ባነር 44 ገደማ ነው።

በምሳሌው የባነሩ ዋና ፎቶ 6000 በ3000 ፒክስል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር 2000 ፒክስል፣ ማለትም በኢንች 51 ያህል ይይዛል፤ ይህም ለ2 ሜትር ርቀት ይበቃል። አዲሱ ቀሚስ ግን በትንሹ ፎቶ ላይ ቁመቱ 900 ፒክስል ብቻ ነው። በባነሩ ላይ 1 ሜትር ሲሆን በኢንች የሚደርሰው 23 ፒክስል ነው። ከ3.8 ሜትር በላይ ርቆ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፤ በሩ ላይ ለቆመ ገዢ ግን ቀሚሱ ከጎኑ ካለው ሁሉ ይልቅ የደበዘዘ ይሆናል።

አጎላሉ

ቀሚሱ ከዋናው ፎቶ ጋር እንዲገጥም ከ900 ወደ 2000 ፒክስል፣ ማለትም 2.2 ጊዜ ያድጋል። ሥራው ከመጀመሪያው ፋይል ተነስቶ በአንድ ጊዜ መሠራት አለበት፤ ደጋግሞ ማሳነስና ማሳደግ በየጊዜው ያደበዝዛል።

ከማጉላት በፊት የጄፔግ መጭመቂያ የሚተዋቸው 8 በ8 ፒክስል የሆኑ አራት ማዕዘኖች መለስለስ አለባቸው። ካልሆነ አብረው አድገው በባነሩ ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚጠጉ ካሬዎች ይሆናሉ።

ቀጥሎ የስሌት ዘዴ ይመረጣል። በጊምፕ None የሚባለው ፒክስሉን እንዳለ ስለሚደግም የቀሚሱን ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። Cubic ለስላሳ ውጤት ይሰጣል። ላንዞስ የሚባለው ዘዴ ይበልጥ ጥርት ያደርጋል፤ ነገር ግን ደማቅ ጥለት ከቀሚሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ቀጭን የውሸት መስመር ሊፈጥር ይችላል። በኢሜጅማጂክ ትእዛዙ እንዲህ ነው፦

```
magick kemis.png -filter Lanczos -resize x2000 kemis2000.png
```

ትእዛዙ ቀሚሱ በፋይሉ ሙሉ ቁመት ልክ ተቆርጦ እንደተዘጋጀ ይወስዳል። ቀሚሱን ከጀርባው የሚለየው ጠርዝ ከማጉላት በኋላ እንደገና ቢሠራ ጥርት ይላል። ማሳያውም በዚሁ የመጨረሻ መጠን ላይ በጥቂቱ ይሳላል። ዋናው ፎቶ የካሜራ ብናኝ ካለው ተመሳሳይ ብናኝ በቀሚሱ ላይ ይጨመራል፤ ያለዚያ ቀሚሱ እንደተለጠፈ ያስታውቃል።

የማጉላት ወሰን

አዳዲሶቹ ፒክስሎች ከጎረቤቶቻቸው የተሰሉ እንጂ ከካሜራው የመጡ አይደሉም። በባነሩ ላይ 10 ሴ.ሜ የሚሆነው የቀሚሱ ጥለት በትንሹ ፎቶ ላይ 90 ፒክስል ብቻ ይይዛል። በጥለቱ ላይ 30 መስመሮች ካሉ ለእያንዳንዱ 3 ፒክስል ስለሚደርስ ይለያሉ። 120 ክሮች ካሉ ግን ለአንዱ ክር አንድ ፒክስል እንኳ አይደርስም፤ ክሮቹ በፎቶው ውስጥ ቀድሞውኑ ተቀላቅለዋል። ከብዙ ምስሎች ተምረው ዝርዝር የሚጨምሩ ማጉያዎች ጥርት ያለ ጥለት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ያ ጥለት ግን ሸማኔው የሠራው ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ሁለት አማራጮች ይቀራሉ። አንዱ ቀሚሱን በ45 ሴ.ሜ ቁመት ሳያጎሉ ማተም ነው። ሁለተኛው የተሻለ ምንጭ ማግኘት ነው፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ስለሚያሳንስ ዋናውን እንደ ፋይል ማስላክ ወይም ቀሚሱን እንደገና ማንሳት ይቻላል። 4000 በ3000 ፒክስል በሚያነሳ ስልክ ቀሚሱ የፎቶውን ረጅም ጎን ሲሞላ ከሚፈለገው 2000 ፒክስል ያልፋል፤ ማጉላትም አያስፈልግም።

ማረጋገጫ

ባነሩ ከመታተሙ በፊት ጥለቱንና ከጎኑ ያለውን ዋናውን ፎቶ የያዘ 30 ሴ.ሜ ቁራጭ በትክክለኛው መጠን ታትሞ በ2 ሜትር ርቀት ይታያል። ዓይን የቀሚሱን ወሰን በጥራቱ ልዩነት ብቻ ከለየው ምንጩ አልበቃም ማለት ነው።