ለአዲስ ረዳት ምግብ አዘጋጅ፦ የሽንኩርት አከታተፍና የመክተፊያ ቦታ ዝግጅት

በሆቴልና በምግብ ቤት ተቀጥሮ ሥራ የሚጀምር ረዳት ምግብ አዘጋጅ በመጀመሪያው ወር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ቀይ ሽንኩርት በመክተፍ ነው። በዚህ ወቅት ሊያተኩርበት የሚገባው ፍጥነት ሳይሆን የቁራጮቹ እኩል መሆን ነው። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ሽንኩርት ዘይትም ሆነ ቅቤ ሳይገባበት አስቀድሞ ስለሚቁላላ፣ ደቃቁ ቁራጭ ቀድሞ ያርራል፤ ትልቁ ደግሞ ሳይበስል ይቀራል። ወጡ ውስጥ የሽንኩርት ጓል ከተገኘ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከምድጃው ሳይሆን ከመክተፊያው ነው።

ሠራተኛው እጁን በሳሙና ከታጠበ በኋላ በመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ ያነጥፋል፤ መክተፊያው በመዳፍ ሲገፋ መንሸራተት የለበትም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሠራተኛ የተላጠውን ሽንኩርት በግራው፣ የተከተፈውን መያዣ በቀኙ፣ የልጣጩን ዕቃ በአጠገቡ ቢያስቀምጥ በየጊዜው ከመዟዟር ይድናል። ቢላዋው ስለመሳሉ በቲማቲም ይፈተናል፤ ልጣጩን ሳይበጥስ የሚንሸራተት ከሆነ ደንዝዟልና ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሳል አለበት። የደነዘዘ ቢላዋ ኃይል ስለሚጠይቅ ከተሳለው ይልቅ እጅን ለመቁረጥ ቅርብ ነው።

ሽንኩርቱ ከአናቱ እስከ ሥሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያም ይላጣል። የሥሩ ጫፍ ግን አይቆረጥም፤ ንብርብሮቹን አንድ ላይ ይዞ የሚያቆየው እርሱ ነውና። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች ተደርጎ፣ ሥሩ ጋ ሳይደርስ በቁመቱ እየተጠጋጋ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎም በአግድም ይከተፋል። ሽንኩርቱን የሚይዘው እጅ ጣቶች ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ አውራ ጣት ከኋላቸው ይቀመጣል፤ የቢላዋው ጎን የመካከለኛውን ጣት አንጓ ተደግፎ ይንቀሳቀሳል። ስለቱ ከአንጓው በላይ ከፍ ካላለ ጣት አይነካም።

ለምሳ 10 ኪሎ ግራም ሽንኩርት ቢታዘዝ፣ ሠራተኛው ሁሉንም ጨርሶ ከማስረከብ ይልቅ የመጀመሪያውን ሳሕን ለዋናው ምግብ አብሳይ ማሳየት ይኖርበታል። ስሕተቱ ያኔ ከታወቀ የሚባክነው ጥቂት ነው። ከተላጠ በኋላ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይተርፋል፤ ከ8 በታች ከወረደ ወይ ሽንኩርቱ የተበላሸ ነው፣ ወይ ልጣጩ ወፍሮ ተነሥቷል።

አትክልት ከጥሬ ዶሮ አስቀድሞ ይከተፋል፤ የየራሳቸው መክተፊያና ቢላዋ ቢኖራቸው ይመረጣል። ይህ በረቡዕና በዓርብ፣ የጾምና የፍስክ ምግብ በአንድ ወጥ ቤት ሲሠራ፣ ለተመጋቢው እምነትም አስፈላጊ ነው።

ቢላዋ በሳሙና ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አይተውም፤ የሚያጥበው ሰው ሳያየው ይቆረጥበታልና። ከእጅ ሲወድቅም ለመቅለብ አይሞከርም፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት ይገባል። ጣት ከተቆረጠ ሥራው ይቆማል፤ ቁስሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል፤ ደም የነካው ሽንኩርትም ይጣላል።