በቤተሰብ ጭቅጭቅ ጊዜ በንቃት ማዳመጥ

በንቃት ማዳመጥ ማለት መልስ ከመስጠትዎ በፊት የሰሙትን በትክክል መረዳትዎን ተናጋሪውን ራሱን ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። ዋና ዋና መንገዶቹ ሁለት ናቸው፦ የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሶ መናገርና የተናጋሪውን ስሜት በስሙ መጥራት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሙጃ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የደም ግፊት ኪኒናቸውን አቁመዋል እንበል። ልጃቸው ሲጠይቃቸው፣ «አሁን ደህና ነኝ፤ ኪኒን ኪኒን እያላችሁ አታስጨንቁኝ» ይላሉ። እሱ ደግሞ «መሞት ነው እንዴ የምትፈልጊው?» ካለ ጭቅጭቁ ይከራል፤ ያቆሙበት ምክንያትም ሳይታወቅ ይቀራል።

መልሶ መናገር

«እማዬ፣ አሁን የሚያምሽ ነገር ስለሌለ ኪኒኑ አያስፈልገኝም ነው የምትይው። በትክክል ገብቶኛል?»

ከዚህ በኋላ ዝም ብለው ይጠብቁ። «ግን» ብለው አይቀጥሉ፤ ያዳመጡት ለመከራከር ብቻ ይመስላል። ቃል በቃል መድገምም ማሾፍ ስለሚመስል በራስዎ ቃል ያሳጥሩት። መልሶ መናገር መስማማት ማለት አይደለም።

ስሜቱን በስሙ መጥራት

«ስንነዘንዝሽ የከፋሽ ይመስለኛል።»

ይህ ግምት ስለሆነ ሊሳሳቱ ይችላሉ። እናትየው «አልከፋኝም፣ ፈርቼ ነው» ካሉ፣ ሳይከራከሩ ይቀበሉ፦ «እሺ፣ ፍርሃት ነው። ምኑ ነው ያስፈራሽ?»

ምናልባት መልሳቸው ይህ ይሆናል፦ «ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳልቀምስ በጠዋት ኪኒን እንዴት እውጣለሁ?»

እንግዲህ ጠቡ በሰዓቱ እንጂ በኪኒኑ አልነበረም ማለት ነው። አዲስ ነገር መናገር ከጀመሩ ወይም «አዎ፣ እሱ ነው» ካሉ፣ መደመጣቸው ተሰምቷቸዋል።

የራስዎን ሐሳብ መናገር

«እኔ ደግሞ ግፊቱ ሳይታወቅሽ ከፍ ይላል ብዬ እሰጋለሁ። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አብረን እንጠይቅ፤ የንስሐ አባትሽንም እናማክር።»

የልጁ ስጋት ትክክል ነው፤ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ይጨምራል። በቀን አንዴ የሚወሰዱ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሰዓታቸው ሊዛወር ይችላል። ሁሉም ግን እንዲህ ስላልሆኑ ያለ ሐኪም ምክር አይቀይሩ።

ማዳመጥ የማይበቃበት ጊዜ

ድምፅ ከፍ እያለ ከሄደ፣ «አሁን ሁለታችንም ተናደናል፤ ከቡና በኋላ እንቀጥል» ብለው ያቁሙ፤ በተባለው ሰዓትም ይመለሱበት። ዛቻ ወይም ድብደባ ካለ ግን ከማዳመጥ በፊት ከአካባቢው ይራቁ፤ እርዳታም ይጠይቁ።

ታማሚው ድንገት አንድ ጎኑ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ደረቱን አጥብቆ ካመመው ወይም መተንፈስ ካቃተው፣ ጊዜው የውይይት አይደለም። ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይውሰዱት።